መውቂያ ማሽን ልገዛ ነው፤ ገንዘቤ በስንት ዓመት ይመለሳል?

አውድማ7
እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሒሳብ ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስገለባበጥ ከረምኩ። እባካችሁ እዩልኝ።

የእህል መውቂያ ማሽን መግዛት እፈልጋለሁ። ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤት እየወቃሁ ኪራይ እንዳገኝበት ነው። ዋጋው 130 ሺህ ነው። ሻጩ «ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገንዘብህ ተመልሶ ኪስህ ይገባል» አለኝ። እንዴት ብዬ ስጠይቀው ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። በአንድ መከር 75 ሺህ ትሰበስባለህ፣ 130ን ለ75 አካፍለው፣ አለቀ።

የአጎቴ ልጅ ሒሳብ ይችላልና አሳየሁት። እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሠራና «ወለዱን ካስገባህ ስድስት ዓመት ነው» አለኝ። ማሽኑ እኮ ራሱ ቢቆይ ቢቆይ ስድስት መከር ነው!

ሌላም አለ። በ70 ሺህ የሚሸጥ ቀለል ያለ ማሽን አይቻለሁ። ጉልበቱ ያንሳል፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ ግን ቶሎ ይመለሳል ይሉኛል። አንድ ማሽን እንዴት በሁለትም በስድስትም ዓመት ይመለሳል? የቱን ቁጥር ይዤ ልወስን?

---

ቆራጡ
እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ሻጩ የሸወደህ አንድ ቦታ ላይ ነው። 75 ሺህ የምትሰበስበው እንጂ የሚተርፍህ አይደለም። ናፍጣ አለ፣ የሠራተኛ ደሞዝ አለ፣ ጥገና አለ። እነሱን ቀንስ። ከዚያ ማሽኑ በየዓመቱ ስለሚያረጅ 130ን ለስድስት አካፍለህ 21 ሺህ ተኩል ገደማ ደግሞ ቀንስ። የቀረውን ይዘህ አካፍል። ትክክለኛው መመለሻ ጊዜ እሱ ነው።

የወለዱን ነገር ግን ተወው። የራስህን ቁጠባ ነው የምታወጣው ወይስ ልትበደር ነው? የራስህ ከሆነ ወለድ ከየት ይመጣል? እሱ ለባንክ ሰዎች ነው።

---

ቡሎን
እሑድ ማታ

እኔ መካኒክ ነኝ፤ የሒሳቡን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ቁጥሮቹ ላይ ግን የምለው አለኝ። ሰው «በዓመት ይህን ያህል» ብሎ አንድ ቁጥር ይይዝና ለስድስት ዓመት ይደግመዋል። ማሽን እንዲህ አይሠራም።

የመጀመሪያው መከር ሁሌ ዝቅ ይላል። ደንበኛ ገና አላወቀህም። አንተም የከበሮውን ፍጥነት ከእህሉ ጋር ማስማማት ገና እየተማርክ ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ፍሬው ይሰበራል፤ ካነሰ ፍሬው ከገለባው ጋር ይወጣል። የማሽኑን የገለባ መውጫ ቆም ብለህ በእጅህ እፍኝ ዘግነህ እየው። ገለባው ውስጥ ፍሬ ካገኘህ ደንበኛው ከአንተ በፊት አይቶታል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው መከር ሌላ ሰው ይጠራል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መከር ጥሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ቺንጋው መንሸራተት፣ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል። የከበሮው ጥርሶችም ያልቃሉ። አምስተኛው ላይ ሞተሩ ተከፍቶ ፋሻ ይቀየራል ብለህ ያዝ። ያኔ አንድ ዓመት ሙሉ ትርፉ ይቀንሳል።

ያቺ የ70 ሺህዋ ላሜራዋ ስስ ናት። በሦስተኛው መከር ብየዳ ቤት መመላለስ ትጀምራለች። አራተኛው ላይ ቢበዛ ትጨርሳለች።

---

አውድማ7
ሰኞ ጠዋት

አመሰግናለሁ ቡሎን። ሌሊቱን ባልከው መሠረት ሠራሁት። በደህና መከር 75 ሺህ ይገባል። ናፍጣ 14፣ ሁለት ሠራተኛ 10፣ ቺንጋና ግራሶ ጥቃቅን ጥገናውም 6 ሺህ። የሚተርፈኝ 45 ሺህ ነው። ከሻጩ ወረቀት 30 ሺህ ጠፋ።

ትልቁ ማሽን እንግዲህ ከመጀመሪያው መከር እስከ ስድስተኛው 30፣ 45፣ 45፣ 40፣ 25፣ 35 ሺህ ይተርፈዋል። መጨረሻ ላይ በ20 ሺህ ልሸጠው እችላለሁ። ትንሹ ደግሞ 35፣ 35፣ 15፣ 10፤ ከዚያ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ገንዘቡ የራሴ ነው። ግን ማሽኑን ካልገዛሁበት ለዘመዴ ሥራ ላበድረው ነበር፤ በዓመት 15 በመቶ ይሰጠኛል። እሱ ሰው ላይ ስጋት የለኝም።

---

መዝጋቢዋ
ሰኞ ቀን

አውድማ7፣ ቁጥሮችህን እንዲህ ዘርዝረህ ማምጣትህ ሥራውን ግማሽ አቅልሎታል። እኔ የአንድ የገበሬዎች ማኅበርን መዝገብ ለብዙ ዓመት ይዣለሁ። ይህን ጥያቄ በየመከሩ እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ ቆራጡን ላርም። ወጪዎቹን ቀንስ ያልከው ልክ ነው። የእርጅና ቅናሹን ቀንስ ያልከው ግን ስህተት ነው። ጥያቄያችን «ያወጣሁት 130 ሺህ መቼ ተመለሰ?» የሚል ነው። እርጅና ማለት ያው 130 ሺህ ተቆራርሶ ሲጻፍ ነው። ከየዓመቱ ላይ ከቀነስከው አንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈልክ ማለት ነው። ለግብርና ለትርፍና ኪሳራ መግለጫ ቦታ አለው። እዚህ የሚቆጠረው እጅ የሚገባና ከእጅ የሚወጣ ገንዘብ ብቻ ነው።

አሁን ቀላሉ አሰላል። 30 እና 45 እና 45፣ በሦስት መከር 120 ሺህ ተመለሰ። የቀረው 10 ሺህ ነው። አራተኛው መከር 40 ሺህ ያመጣል፤ ስለዚህ በአራተኛው ይመለሳል። አንዳንድ ሰው 10ን ለ40 አካፍሎ «ሦስት ዓመት ከሦስት ወር» ብሎ ይጽፋል። ለሱቅ ያስኬዳል፤ ሱቅ በየቀኑ ይሸጣልና። መውቂያ ማሽን ግን ዓመቱን ሙሉ ሼድ ውስጥ ቆሞ በመከር ብቻ ነው የሚሠራው። በሦስተኛው ወር ምንም አይገባም። «አራተኛው መከር» ብለህ ጻፍ።

የአጎትህ ልጅ ስድስት ያለው ከየት መጣ? ይህን በቀመር ሳይሆን በደብተር ላሳይህ። ማሽኑ የአንተ ተበዳሪ ነው በል። 130 ሺህ አበደርከው፤ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ ምክንያቱም ዘመድህ ያን ያህል ይከፍልህ ነበር። ማሽኑ በየመከሩ ያገኘውን ሁሉ ለአንተ ይከፍላል። ዕዳው መቼ ያልቃል?

```
መከር   ዕዳ ከነወለዱ   የከፈለው   የቀረው
1        149.5         30       119.5
2        137.4         45        92.4
3        106.3         45        61.3
4         70.5         40        30.5
5         35.1         25        10.1
6         11.6         35      ተመለሰ፤ 23.4 ተረፈ
```

ሁሉም በሺህ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እየው። ማሽኑ 30 ሺህ ከፈለህ፤ ዕዳው የቀነሰው ግን በ10 ሺህ ተኩል ብቻ ነው። ሌላው 19 ሺህ ተኩል ወለዱን ነው የሸፈነው። ቀላሉ አሰላል ይህን አያይም። በእሱ ዓይን ማሽኑ ያለ ወለድ የተበደረ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። «ገንዘቤ ቁጥሩ መቼ ይሞላል?» ካልክ አራተኛው መከር። «ለዘመዴ ባበድረው ከማገኘው እኩል የሚሆነው መቼ ነው?» ካልክ ስድስተኛው። ወለድ ከየት ይመጣል ላለው ቆራጡም መልሱ እዚሁ አለ። ገንዘቡ የራስህ ቢሆንም ሌላ ቦታ ይሠራልህ ነበር።

---

ወንዝ ዳር
ሰኞ ማታ

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ ፓምፕ ነው የማውቀው። ግን ይጠቅም ይሆናል።

ለአትክልት ማጠጫ ፓምፕ እከራይ ነበር። በኋላ በ40 ሺህ የራሴን ገዛሁ። ለኪራይ የማወጣውን ስለተወኩ ነዳጁን ቀንሼ በዓመት 22 ሺህ ይተርፈኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ 44 ሺህ ሆነ። ተመለሰልኝ አልኩ። ለሰውም አወራሁ። ያን ዓመት የተረፈውን ለቤት ክዳን አዋልኩት።

በሦስተኛው ዓመት ወንዙ ሲጎድል መምጠጫው አሸዋ ይዞ ገባ። መጀመሪያ ውኃው ቀጠነ። እኔ ወንዙ ስለጎደለ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ፓምፑ ድምፁ ተለወጠ፤ ውስጡ ጠጠር ያለ ቆርቆሮ ሲንቀጠቀጥ ይመስል ነበር። አሁንም ዝም አልኩ፤ አትክልቱ ጥም ላይ ነበር። ሲከፈት ውኃ ገፊው ተበልቷል። ሞተሩም ያለ ዕረፍት ስለሠራ ፒስተኑ ተቧጥሯል። ለጥገናው ብቻ 20 ሺህ ወጣ። ፓምፑ እስኪሠራ ደግሞ መልሼ ተከራየሁ። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ ሳይሆን 6 ሺህ ጉድለት ነበር። የተመለሰልኝ 44 ሺህ ወደ 38 ወረደ። ያው ተመለሰ ያልኩት ገንዘብ ተመልሶ ሄደ።

ያንን የሚያሳይ ሒሳብ አለ? ወይስ የእኔ ጥፋት ነው?

---

መዝጋቢዋ
ሰኞ ማታ

እናቴ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የሒሳቡ ጉድለት ነው፤ እርስዎ ያሉት ደግሞ ትልቁ ጉድለቱ ነው። መመለሻ ጊዜ ገንዘቡ የሞላ ዕለት ደብተሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያነብም። ጥሩውንም፣ መጥፎውንም። ወለድ ብናስገባበትም ያው ነው፤ ዘግይቶ ይዘጋል እንጂ መዝጋቱ አይቀርም።

የእርስዎ ፓምፕ መጥፎውን አሳየን። የአውድማ7 ሁለት ማሽኖች ደግሞ ጥሩውን ያሳያሉ። ትንሹን በዚያው ደብተር ልሥራው። 70 ሺህ ከነወለዱ 80.5 ይሆናል፤ 35 ሲከፍል 45.5 ይቀራል። በሁለተኛው መከር መጨረሻ 17.3፣ በሦስተኛው 4.9። በአራተኛው ያልቅና 4.3 ሺህ ይተርፋል። ከዚያ ማሽኑ የለም።

እንግዲህ ተመልከት። በቀላሉ አሰላል ትንሹ በሁለተኛው መከር ይመለሳል፤ ትልቁ በአራተኛው። ወለድ ሲገባ ትንሹ በአራተኛው፣ ትልቁ በስድስተኛው። በሁለቱም መንገድ ትንሹ ይቀድማል። ግን ደብተሩ ሳይዘጋ እስከ መጨረሻው ብትሄድ ትንሹ 4.3 ሺህ ብቻ ትቶልህ ይሞታል። ትልቁ 23.4 ሺህ ይተርፈዋል፤ በዚያ ላይ 20 ሺህ ተሽጦ።

አንዱ አራት መከር፣ ሌላው ስድስት ስለሚቆይ እንዲሁ ማወዳደር ተገቢ አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ከወለዱ በላይ የሚተርፈውን፣ እዚህም 15 በመቶውን እያሰብኩ፣ በየመከሩ እኩል አከፋፍዬ አየሁት። ትልቁ መሸጫው ተጨምሮ በየመከሩ 5 ሺህ ገደማ ነው። ትንሹ አንድ ሺህ አይሞላም። ቶሎ የሚመለሰው ማሽን ሁልጊዜ የተሻለው ማሽን አይደለም።

---

ቆራጡ
ማክሰኞ ጠዋት

የእርጅናውን ተቀበልኩ፤ ተሳስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። መዝጋቢዋ ወለዱን ስትቆጥሪ የኑሮ ውድነቱን አልቆጠርሽም። ዋጋ በየዓመቱ በ10 በመቶ የሚጨምርበት ቦታ ቢሆንስ? የውቂያ ኪራይም አብሮ ይጨምራል። አውድማ7 ግን ለስድስት ዓመት በዛሬ ዋጋ ነው የጻፈው። በአምስተኛው ዓመት 25 ሺህ ያለው ያኔ ከ25 በላይ ነው። ስለዚህ ወለዱና ውድነቱ ይጠፋፋሉ፤ ቀላሉ አሰላል ይበቃል።

---

መዝጋቢዋ
ማክሰኞ ቀን

ይህ እስካሁን የተነሳው ጠንካራ ጥያቄ ነው። ግማሹ ትክክል ነው።

ገቢውን በዛሬ ዋጋ ከጻፍክ ወለዱም ውድነቱ የተቀነሰለት መሆን አለበት። አንዱን በዛሬ ዋጋ፣ ሌላውን ከነውድነቱ ማደባለቅ ስህተት ነው። እኔም ከላይ ሳልጠይቅ ነው 15 በመቶውን የወሰድኩት። በአንተ ምሳሌ 1.15ን ለ1.10 ስናካፍል 4.5 በመቶ ገደማ ይቀራል። በዚያ ብሠራው ትልቁ ማሽን በአራተኛው መከር ይመለሳል። ከስድስት ወደ አራት! ውጤቱን ይህን ያህል የሚቀይር ሌላ ነገር ብዙ የለም።

ግን «ይጠፋፋሉ» የሚለው ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ውድነቱ ወለዱን ሙሉ በሙሉ አይበላውም፤ እዚህም 4.5 ቀርቷል። ሁለተኛ፣ የውቂያ ኪራይ በእርግጥ ከዋጋው ጋር ይጨምራል ወይ? ናፍጣና መለዋወጫ ሲወደዱ ወዲያው ነው የምትከፍለው። ኪራዩን ግን ጎረቤትህ ነው የሚከፍልህ፤ ከአምና ላይ መጨመር ቀላል አይደለም። ኪራዩ ቆሞ ወጪው ከሄደ 45ቱ ሺህ ይጠብባል እንጂ አያድግም። ይህን ከዚህ ሆኜ አልወስንም። አውድማ7 በአካባቢው ያለፉትን ሦስት አራት መከሮች የኪራይና የናፍጣ ዋጋ ጎን ለጎን ጽፎ ይየው።

---

ተበዳሪው
ማክሰኞ ማታ

እኔም ተመሳሳይ ነገር ላይ ነኝ። ለእርሻ መሣሪያ ብድር ወስጃለሁ፤ ወለዱ 15 በመቶ ነው። ከየዓመቱ ገቢዬ ላይ የባንኩን ወለድ ቀነስኩ። ከዚያ መዝጋቢዋ እንዳሳየችው በ15 በመቶ ደብተር ሠራሁ። ዕዳዬ በጭራሽ አያልቅም! መሣሪያውን ልሽጠው እያልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

መዝጋቢዋ
ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ለመሸጥ አትቸኩል። ወለዱን ሁለት ጊዜ ከፍለሃል። ደብተሩ ላይ በየዓመቱ 15 በመቶ ሲጨመር ያ የባንኩ ወለድ ነው። ከገቢው ላይ እንደገና አትቀንሰው። መሣሪያው ያመጣውን ከናፍጣና ከጥገና በኋላ እንዳለ አስገባና እንደገና ሥራው።

የአንተ ሌላ ጥያቄ አለው፤ ባንኩ ክፍያውን በየወሩ ነው የሚፈልገው ወይስ ከመከር በኋላ? መሣሪያ በስድስት ዓመት አትርፎ በሁለተኛው ዓመት ክፍያ አጥቶ ሊያዝ ይችላል። መመለሻ ጊዜ ይህንን አይነግርህም። የየወሩን የገቢና የወጪ ሰንጠረዥ ለብቻው ሥራ። ራሱን የቻለ ርዕስ ክፈትና እዚያ እናየዋለን።

---

ቡሎን
ረቡዕ ጠዋት

ከሒሳብ ውጭ አንድ ነገር ልበል። እኔ ባለሁበት አካባቢ በመጀመሪያ አንድ መውቂያ ማሽን ነበረ። ባለቤቱ ጥሩ ሠራ። ያንን ያዩ ሦስት ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ገዙ። በአራተኛው ዓመት ሁሉም ኪራይ እየቀነሱ ደንበኛ መቀማት ጀመሩ። እኔ አራቱንም ስጠግን ስለነበር አውቃለሁ። አንዱ ኩሽኔታ ለመቀየር የሚከፍለኝ አጥቶ ማሽኑ ጓሮዬ ለሁለት ወር ቆሟል።

ስለዚህ ቶሎ መመለስን አትናቁት። ቶሎ የተመለሰለት ሰው ሌላው ሲመጣ አይጨነቅም።

---

መዝጋቢዋ
ረቡዕ ቀን

ቡሎን ያለው የመመለሻ ጊዜ ትክክለኛ ጥቅሙ ነው። የትኛው ማሽን ያተርፋል ለሚለው ደካማ መልስ ነው። ገንዘቤ ለስንት ጊዜ አደጋ ላይ ይቆያል ለሚለው ግን ጥሩ መልስ ነው።

የእሱን ታሪክ በአውድማ7 ቁጥሮች ላይ አስገባሁት። ከአራተኛው መከር ጀምሮ የሚተርፈው በግማሽ ቢወርድስ? ትልቁ 20፣ ከዚያ 12.5፣ ከዚያ 17.5 ሺህ ያመጣል። ደብተሩን ስቀጥል በስድስተኛው መከር መጨረሻ 34.9 ሺህ ዕዳ ይቀራል። ማሽኑ በ20 ሺህ ቢሸጥም 15 ሺህ ገደማ ጉድለት ነው። ትንሹ ማሽን በአራተኛው መከር ከ10 ይልቅ 5 ሺህ ብቻ ያመጣል፤ ጉድለቱ አንድ ሺህ አይሞላም።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። በዚህ በተበላሸው ሁኔታ ውስጥ የትልቁን ቀላል መመለሻ ጊዜ እንደገና አስሉት። ሦስት መከር 120፣ አራተኛው 20፤ ድምሩ 140። አሁንም «በአራተኛው መከር ይመለሳል» ነው የሚለው! ገበያው ተበላሽቷል፣ ሰውየው ከወለዱ አንጻር እየከሰረ ነው፣ ቁጥሩ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም። ወለድ የገባበት ግን «አይመለስም» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን መሥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቀላሉ አራት፣ ወለድ ያለበት ስድስት ሲሆን፣ ማሽኑ ደግሞ የሚቆየው ስድስት ሲሆን፣ መሐል ላይ መተንፈሻ የለም ማለት ነው። አንድ መጥፎ መከር ይበቃዋል።

---

ወንዝ ዳር
ረቡዕ ማታ

መዝጋቢዋ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ገባኝ። ተመለሰ ብዬ ያሰብኩ ዕለት ፒስተኑን አልቆጠርኩም። አሁን ከእያንዳንዱ ወቅት ትንሽ ለጥገና እያስቀመጥኩ ነው።

---

መዝጋቢዋ
ረቡዕ ማታ

እናቴ፣ ማስቀመጥዎ መልካም ነው። ሒሳብ ላይ ግን የተቀመጠውን ከየዓመቱ አይቀንሱት፤ ጥገናው በሚወጣበት ዓመት ላይ ይጻፉት። አለዚያ እንደ እርጅናው ሁለት ጊዜ ይገባል።

---

አውድማ7
ሐሙስ ማታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሩን ራሴ ደግሜ ሠራሁት። ስሠራው አንድ ነገር ከነከነኝ። መዝጋቢዋ ገና ከመጀመሪያው መከር በፊት የአንድ ዓመት ሙሉ ወለድ ጨምራለች፤ 130 ወደ 149.5። እኔ ግን ማሽኑን የምገዛው ከመከሩ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ነው። ገንዘቤ በሁለት ወር ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ የሁለት ወር ወለድ ብቻ አስገባሁ፤ 133 ገደማ። 30 ሲቀነስ 103። ከዚያ እንደ ቀድሞው በየዓመቱ 15 በመቶ ስጨምር በሁለተኛው መከር 73.5፣ በሦስተኛው 39.6፣ በአራተኛው 5.5 ይቀራል። በአምስተኛው ያልቃል። ከስድስት ወደ አምስት መጣ። ተሳስቻለሁ?

---

መዝጋቢዋ
ሐሙስ ማታ

አልተሳሳትክም። እኔ በልማድ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው ገቢውን ያስቀመጥኩት። አንተ ያስቀመጥከው ገንዘቡ በእውነት በሚገባበት ቀን ነው። ያንተ ይሻላል። ማሽኑን መከር ካለፈ በኋላ ብትገዛው ኖሮ ግን የእኔው ስድስት ትክክል ይሆን ነበር። ስለዚህ ሻጩ «ዋጋ ሳይጨምር አሁኑኑ ውሰድ» ካለህ ወሩን ተመልከት። ሼድ ውስጥ አሥር ወር የሚቆም ማሽን አሥር ወር ወለድ ይበላል።

---

ቆራጡ
ሐሙስ ማታ

እና ትልቁን ትገዛለህ?

---

አውድማ7
ዓርብ ጠዋት

ገና አልወሰንኩም። አምስተኛውም መከር ቢሆን ሞተሩ የሚከፈትበት ዓመት ነው፤ ቡሎን ያለው ጥገና ቢበልጥ ወደ ስድስት ይመለሳል። ቅዳሜ ሁለት ነገር ልጠይቅ እሄዳለሁ። አንደኛው፣ በአካባቢያችን ለመጪው መከር ስንት ሰው መውቂያ እንዳዘዘ። ሁለተኛው፣ ካለፉት ዓመታት የኪራዩ ዋጋ ከናፍጣው ጋር እንዴት እንደሄደ። ሁለት ሌላ ማሽን ከመጣ ትንሹን ነው የምወስደው፤ ቀሪውን 60 ሺህ ለዘመዴ አበድረዋለሁ። ካልመጣ ትልቁ።

ቡሎን፣ 20 ሺህ ያልኩት የመሸጫ ዋጋ ግምት ነው። አንተ ስድስት መከር የሠራ ማሽን ሲሸጥ አይተሃል?

---

ቡሎን
ዓርብ ማታ

አይቻለሁ። ሞተሩ ደህና ከሆነ የሚገዛው ለሞተሩ ብሎ ነው፤ ከበሮውን ማንም አይፈልገውም። አምስተኛው መከር ላይ ፋሻውን በርካሽ አስቀይረህ ካለፍክ 20 ሺህ አታገኝም። ሞተሩ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነና ጉልበቱን ጻፍልኝ፤ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ መሆን አለመሆኑን ልይልህ። ዋጋውን እሱ ነው የሚወስነው።